ኦዱ ከየት መጣ? የኢስፖርት ውርርድና የሚሸጡ ጨዋታዎች

ኦገስት 20 ቀን 2014 በሰሜን አሜሪካ አንድ የካውንተር ስትራይክ ግጥሚያ በኢንተርኔት ተካሄደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ወገን አይባይፓወር ነበር፤ በዚያ ዘመን ከአህጉሩ ጠንካራ ቡድኖች ተርታ የሚጠራ። በሌላው ወገን ደግሞ ኔትኮድጋይድስ የሚባል ብዙም ስም የሌለው ቡድን ነበር። ጨዋታው 16 ለ 4 አለቀ። ያሸነፈው ስም የሌለው ቡድን ነው።

ትልቅ ቡድን በትንሽ ቡድን መሸነፉ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ስፖርትን ማንም አይመለከትም ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ግን የጨዋታው ባለቤት የሆነው ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሰባት ሰዎችን ከውድድሮቹ አገደ። ግጥሚያው ተሽጦ ነበር።

ይህ ሽያጭ የተቻለው ተጫዋቾቹ ገንዘብ ስለወደዱ ብቻ አይደለም። የኢስፖርት ውርርድ ራሱ የቆመበት መሠረት ለዚህ በር ይከፍታል። መሠረቱን ለማየት በመጀመሪያ በስክሪኑ ላይ የምናየው ቁጥር፣ ማለትም ኦዱ፣ እንዴት እንደሚወጣ መረዳት ያስፈልጋል።

ሰው ከሰው የሚጫወተው ጨዋታ

በከተሞቻችን የውርርድ ቤቶች ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቨርቹዋል የሚባለውን ነው። እዚያ ላይ የሚሮጠው ፈረስም ሆነ የሚጫወተው ቡድን ሰው የለበትም፤ ውጤቱን በዘፈቀደ የሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ኢስፖርት ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ አሠልጣኝ ያላቸው፣ የሚያለማምዱና የሚያሰናብቱ ቡድኖች ያሏቸው እውነተኛ ሰዎች እርስ በርስ በኮምፒውተር ይጋጠማሉ።

በካውንተር ስትራይክ አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር ይጫወታል። አንደኛው ወገን ቦምብ ለመትከል፣ ሌላኛው ለማክሸፍ ይሞክራል። እያንዳንዱ ዙር ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ አሁን ባለው ደንብ በአንድ ማፕ መጀመሪያ 13 ዙር ያሸነፈ ማፑን ይወስዳል። ማፕ ማለት የመጫወቻው ሥፍራ ነው፤ በውድድር ላይ ሰባት ማፖች አሉ፣ ቡድኖቹም ከግጥሚያው በፊት የማይፈልጉትን እየጣሉ የሚጫወቱበትን ይመርጣሉ። ሰው የሚጫወተው ስለሆነ ችሎታ ይገመታል፣ በችሎታም ላይ ይወረረዳል። ሰው የሚጫወተው ስለሆነም ሊሸጥ ይችላል።

7 ከ10 ማለት 70 በመቶ አይደለም

አሁን አንድ አወራራጅ ድርጅት ውስጥ ገብተን ኦድ አውጪው አጠገብ እንቀመጥ። ነገ ሁለት መካከለኛ ደረጃ ያላቸው ቡድኖች ይጫወታሉ፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። ቡድን ሀ በአሁኑ አሰላለፉ 10 ግጥሚያ ተጫውቶ 7 አሸንፏል። ተጋጣሚዎቹም በአቅም ከቡድን ለ ጋር ተቀራራቢ ነበሩ። ቡድን ሀ ነገ የማሸነፍ ዕድሉ ስንት ነው?

ቶሎ የሚመጣው መልስ 70 በመቶ ነው። ይህን መልስ የሚያምን ኦድ አውጪ ግን በቅርቡ ሥራውን ያጣል። አሥር ግጥሚያ በጣም ትንሽ ነው። በስታቲስቲክስ የተለመደውን የ95 በመቶ መተማመኛ ብንጠቀም፣ ከ10 ግጥሚያ 7 ያሸነፈ ቡድን እውነተኛ አቅሙ ከ40 በመቶ እስከ 90 በመቶ ባለው ስፋት ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ከተጋጣሚው የሚያንስ ቡድን በአጋጣሚ 7 አሸንፎ ሊሆን ይችላል፤ ማንም የማይደርስበት ቡድን ባልቀናው ሳምንት 3 ተሸንፎ ሊሆን ይችላል። ይህን ስፋት በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 5 በመቶ ለማጥበብ ወደ 400 የሚጠጋ ግጥሚያ ያስፈልጋል። አንድ ቡድን በተመሳሳይ አምስት ሰዎች ይህን ያህል ሳይጫወት ይበተናል።

ስለዚህ ኦድ አውጪው ያየውን ቁጥር ወደ መሐል ይጎትታል። አንዱ ቀላል መንገድ ይህ ነው፦ ስለ ቡድኑ ምንም ባላውቅ ኖሮ ግማሽ በግማሽ እል ነበር ብሎ ይጀምራል፤ ለዚህ ቅድመ ግምቱ የ20 ግጥሚያ ክብደት ይሰጠዋል፣ 10 ድልና 10 ሽንፈት። በዚህ ላይ በእውነት የታዩትን 7 ድሎችና 3 ሽንፈቶች ይደምራል። ድምሩ ከ30 ግጥሚያ 17 ድል ይሆናል፤ ወደ 57 በመቶ። ቡድኑ ብዙ በተጫወተ ቁጥር ቅድመ ግምቱ እየደበዘዘ፣ የታየው እየጎላ ይሄዳል። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚጠቀሙት ሞዴል ከዚህ የረቀቀ ነው፤ የተጋጣሚን ጥንካሬ፣ የማፑን ዓይነት፣ የግጥሚያውን ቀን ቅርበት ይመዝናል። ውስጡ ያለው ሐሳብ ግን ያው ነው፦ ትንሽ ባየህ መጠን ያየኸውን ትንሽ እመን።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይህን ይመስላል። 57 በመቶ ዕድል ያለው ቡድን ያለ ምንም ትርፍ ኦዱ 1.76 ገደማ ነው፤ የተጋጣሚው 2.31። ኦድ አውጪው 70 በመቶ ብሎ ቢሳሳት ኖሮ የድርጅቱን ድርሻ ቀንሶ እንኳ ለቡድን ለ 3.09 ይሰጥ ነበር። እውነቱ 57 ለ 43 ከሆነ፣ በቡድን ለ ላይ 100 ብር የሚያስይዝ ሰው በአማካይ 34 ብር ያተርፋል። ይህን የሚያውቅ አንድ ተወራራጅ ካለ ድርጅቱ ከሰረ ማለት ነው።

ያለፈው ታሪክ ቶሎ የሚያረጅበት ስፖርት

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ለምን 10 ግጥሚያ ብቻ? የድሮውን ሁሉ ለምን አይጨምሩም?

በእግር ኳስ ይቻላል። የሜዳው ልክ፣ የጎሉ ስፋት፣ የ90 ደቂቃው ጊዜ ለረጅም ዘመን ያው ነው። በኢስፖርት ግን የጨዋታው ባለቤት የግል ኩባንያ ነው፤ ደንቡን በፈለገ ጊዜ ይለውጣል። ከሁሉ የሚጎላው ምሳሌ የ2023ቱ ነው። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 27 ቀን ቫልቭ ካውንተር ስትራይክ 2ን ሲያወጣ የመደበኛው ጨዋታ ርዝመት ቢበዛ ከ30 ዙር ወደ 24 ወረደ፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገውም ከ16 ዙር ወደ 13።

ስድስት ዙር መቀነሱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ጨዋታ ባጠረ ቁጥር የዕድል ድርሻ ይጨምራል፤ ጠንካራው ቡድን ስህተቱን የሚያርምበት ጊዜ ያጥረዋል። በተጨማሪ በየአጋማሹ መጀመሪያ የሚደረገው በሽጉጥ ብቻ የሚጫወቱበት ዙር አለ። እሱን ያሸነፈ ለቀጣዮቹ ዙሮች የተሻለ መሣሪያ የሚገዛበት ገንዘብ ያገኛል። ይህ ዙር በ30 ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመምጣት በ24 ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ክብደቱ ያድጋል። በአሮጌው ደንብ የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መረጃ በአንድ ቀን ውስጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

በዚህ ላይ የሰው መለዋወጥ አለ። ከአምስት ሰው ሁለቱ ከተቀየሩ የቡድኑ ስም ያው ቢሆንም ቡድኑ ሌላ ነው። ማፑም አለ፤ 10ሩን ግጥሚያ በማፖቹ ላይ ብናከፋፍለው ለአንዳንዱ ማፕ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይደርሰዋል። በዝቅተኛው ሊግ ደግሞ አንድ ተጫዋች ኢንተርኔቱ ተቋርጦበት ወይም ፈተና ኖሮበት ጓደኛው ተክቶት ሊገባ ይችላል፤ ኦድ አውጪውም ይህን የሚያውቀው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹና የቅርብ ጓደኞቹ ግን ከትናንት ጀምሮ ያውቁታል።

የዚህ ገበያ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። ኦድ አውጪው ትንሽ ያውቃል፣ ውስጥ ያለ ሰው ብዙ ያውቃል። ከውጭ ሆኖ የሚወራረደው ሰው ከሁለቱም ያነሰ ያውቃል።

ድርጅቱ ራሱን የሚጠብቅባቸው ሦስት መንገዶች

አወራራጅ ድርጅት አለማወቁን ያውቃል፤ ስለዚህም ይጠነቀቃል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ በኦዱ ውስጥ የሚደበቀው የቤቱ ድርሻ ነው። በምሳሌአችን ትክክለኛው 1.76 እና 2.31 ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን 1.63 እና 2.14 ሊሆን ይችላል። አንባቢ ይህን በራሱ ማስላት ይችላል። 1ን ለ1.63 ሲያካፍሉ 61.3 በመቶ፣ 1ን ለ2.14 ሲያካፍሉ 46.7 በመቶ ይመጣል። ድምሩ 108 በመቶ ነው። ከሁለት ቡድን አንዱ የማሸነፍ ዕድሉ ተደምሮ ከ100 ሊበልጥ አይችልም፤ ትርፍ የሆነችው 8 የቤቱ ናት። ተወራራጁ በየ100 ብሩ በአማካይ ወደ 7 ብር ከ40 ሳንቲም እየከፈለ ነው የሚጫወተው። በታላላቅ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ይህ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው፤ ድርጅቱ ስለ ግጥሚያው ያለው እውቀት ባነሰ ቁጥር ድርሻውን ያሰፋል። የድርጅቱን አለማወቅ የሚከፍልለት ደንበኛው ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ ነው። ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ብዙ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት፣ ለዝቅተኛ የኢስፖርት ሊግ የሚቀበለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ደጋግሞ የሚያሸንፍ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ የዚያን ሰው ጣሪያ ለብቻው ዝቅ ያደርጋል። የሚሸነፈው ግን የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲመለስ በሩ ክፍት ነው።

ሦስተኛው መገልበጥ ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች የኢስፖርት ኦድ ራሳቸው አያወጡም፤ ይህን ሥራዬ ብሎ ከያዘ አቅራቢ ይገዛሉ፣ ወይም የትልቁን ድርጅት ቁጥር እየተከተሉ ያስተካክላሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው አሥር ድረ ገጽ ከፍቶ አሥሩም ላይ ተቀራራቢ ኦድ ቢያይ አሥር ባለሙያ ተስማማ ማለት አይደለም። አንድ ግምት አሥር ቦታ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። ግምቱ ከተሳሳተ አሥሩም አብረው ይሳሳታሉ።

የሳሳ ገበያ

በትልቅ ገበያ ውስጥ አንድ ገዢ ዋጋ አያንቀሳቅስም። በአንድ ትንሽ የገጠር ገበያ ግን አምስት ኩንታል ጤፍ ብቻ ወጥቶ ከከተማ አንድ ነጋዴ ቢመጣና አራቱን ቢገዛ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ዋጋ ሌላ ነው። ዋጋው የወጣው ጤፍ ስለጠፋ ነው ወይስ ነጋዴው የሚያውቀው ነገር ስላለ? ከሰዓት በኋላ የመጣው ሰው መለየት አይችልም።

ጥቂት ገንዘብ የሚዘዋወርበት የኢስፖርት ገበያም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ውርርዶች ለድርጅቱ እንደ መረጃ ያገለግላሉ። አንድ ጎበዝ ተወራራጅ በቡድን ለ ላይ አስያዘ፤ ድርጅቱ «ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ» ብሎ 2.14ን ወደ 1.95 ያወርዳል። ሌሎች ድርጅቶች ይህን አይተው ይከተላሉ። ምንም አዲስ ወሬ ሳይሰማ፣ በአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ፣ የዓለም ኦድ ተቀየረ። ያ ሰው ቡድኖቹን በትጋት ያጠና ሊሆን ይችላል። ውጤቱን የገዛ ሰውም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያሳያል።

የተሸጠው ግጥሚያ

አሁን ወደ ኦገስት 2014 እንመለስ። በዚያን ጊዜ ብዙው የካውንተር ስትራይክ ውርርድ በገንዘብ አልነበረም፤ በስኪን ነበር። ስኪን ማለት በጨዋታው ውስጥ ያለን መሣሪያ የሚያስጌጥ ቀለም ነው። ለማሸነፍ አንዳች አይጠቅምም፤ ግን ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ አንዳንዱም በመቶዎች ዶላር ያወጣል። ሲኤስጎ ላውንጅ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ደጋፊዎች ስኪናቸውን ያስይዙ ነበር። እዚያ ኦድ አውጪ የለም። የተሸናፊዎቹ ስኪን በሙሉ ለአሸናፊዎቹ ይከፋፈላል፤ ኦዱን የሚወስነው የሕዝቡ ገንዘብ ወዴት እንዳጋደለ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ቁጥር እንየው። ሕዝቡ በትልቁ ቡድን ላይ 90,000 ዶላር የሚያወጣ ስኪን፣ በትንሹ ላይ 10,000 አስይዟል እንበል። ትንሹ ቢያሸንፍ ለአንዱ ዶላር 10 ይደርሳል። አሁን ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በትንሹ ላይ 10,000 ቢጨምር ክፍያው ወደ 5.5 ይወርዳል፤ ሆኖም 10,000ው 55,000 ይሆንለታል። ገበያው አሥር እጥፍ ቢያንስ ግን፣ ማለትም 9,000 ለ 1,000 ቢሆን፣ ያንኑ 10,000 ሲያስይዝ ክፍያው 1.82 ብቻ ይሆናል። በሳሳ ገበያ ላይ ሻጩ በራሱ ገንዘብ የራሱን ዋጋ ያበላሻል፤ ዱካውም ጎልቶ ይታያል። በየቦታው በጥቂት በጥቂቱ እየበተኑ በብዙ ስም የሚያስይዙት በዚህ ምክንያት ነው።

በአይባይፓወር ግጥሚያም የሆነው ይኸው ነው። ለአንድ ደንበኛ ጣሪያ ስለነበረ፣ አንድ ታዋቂ ተወራራጅ በተለያዩ አካውንቶች በትንሹ ቡድን ላይ አስያዘ። አይባይፓወር ተሸነፈ። በጃንዋሪ 2015 ጋዜጠኛ ሪቻርድ ሉዊስ ለአንድ ተጫዋች ቅርብ ከነበረ ሰው የተገኘ የጽሑፍ መልእክት ልውውጥ አወጣ። ቫልቭም የራሱን መዝገብ መረመረ። ስኪን የሚዘዋወረው በቫልቭ ሥርዓት ውስጥ ስለሆነ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ከግጥሚያው የተገኙ ውድ ስኪኖች በአንድ አገናኝ በኩል ለአይባይፓወር ተጫዋቾችና ለኔትኮድጋይድስ መሥራች መተላለፋቸውን ኩባንያው አረጋገጠ።

ከአምስቱ ተጫዋቾች አራቱ ታገዱ። አምስተኛው ስኪን ስላልተቀበለ ተረፈ። ከታገዱት መካከል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው፣ በጊዜው ከአሜሪካ ብርቅ ተሰጥኦዎች አንዱ ይባል የነበረው ስዋግ ይገኝበታል። በጃንዋሪ 2016 ቫልቭ እገዳው የማያበቃ መሆኑን አስታወቀ፤ ሕጉን ያላላው ከዓመታት በኋላ፣ በ2021 ነው። በዚያ ስፖርት ውስጥ አንድ ልጅ የሚያብብበት ዕድሜ አልፏል።

በ2014 ማስረጃው ሊገኝ የቻለው ስኪን የራሱ መዝገብ ስላለው ነው። ዛሬ ውርርዱ በገንዘብና በክሪፕቶ፣ በብዙ አገር በተመዘገቡ ድርጅቶች በኩል ይሄዳል። እንዲህ ያለ አንድ መዝገብ የለም።

ለምን ይሸጣሉ?

ብዙ ሰው የሚገምተው የተራበ ብቻ እንደሚሸጥ ነው። እውነቱ ከዚያ የሰፋ ነው።

በጁን 2013 ሶሎ በሚል ስም የሚታወቀው ሩሲያዊ የዶታ 2 ተጫዋች በገዛ ቡድኑ በሮክስኪስ ላይ 100 ዶላር አስያዘ። ቡድኑ ከተሸነፈ የሚደርሰው 322 ዶላር ነበር። ድርጊቱ ታወቀበት፤ የውድድሩ አዘጋጅ መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በኋላ ለአንድ ዓመት አገደው። ከዓመታት በኋላ ቨርተስ ፕሮ የተባለውን ቡድን በአምበልነት እየመራ ትልልቅ ዋንጫዎችን ያነሳ ሰው ነው። ይህን ያህል ችሎታ ያለው ተጫዋች ለ322 ዶላር ለምን ወደቀ? ግጥሚያው ለቡድኑ ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ ቢያሸንፉም ወደሚቀጥለው ዙር አያልፉም ነበር። ጉዳት የሌለው ሲመስል ፈተናው ይቀልላል። የአይባይፓወር ግጥሚያም የመደበኛ ዙር ግጥሚያ እንጂ የዋንጫ አልነበረም።

ሁለተኛው የደቡብ ኮሪያው ላይፍ ነው። በ2014 የስታርክራፍት 2 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ 100,000 ዶላር ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ሁለት ግጥሚያ ለመሸነፍ 70 ሚሊዮን ዎን ተቀበለ። በ2016 ፍርድ ቤት የ18 ወር እስራት በገደብ ፈረደበት፣ የተቀበለውን ያህል ቀጣው። ስታርክራፍት አንድ ለአንድ የሚደረግ ጨዋታ ስለሆነ የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሻምፒዮን መሆኑ ሻጭ ከመሆን አላገደውም፤ እንዲያውም ማንም ስለማይጠረጥረው ሽንፈቱ ብዙ ዋጋ አወጣ።

ሦስተኛው መደዳ ታሪክ ነው። በኦገስት 2019 የአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ ከካውንተር ስትራይክ ግጥሚያዎች ጋር በተያያዘ ስድስት ወጣቶችን ያዘ፤ የተጠረጠሩት ቢያንስ አምስት ግጥሚያዎች ነበሩ። በ2016 የተቋቋመው የኢስፖርት ጨዋነት ኮሚሽን፣ በምሕጻሩ ኢሲክ፣ በ2020 ሰባት የአውስትራሊያ ተጫዋቾችን በውርርድ ምክንያት አገደ። በእንዲህ ያለው ዝቅተኛ ሊግ ብዙ ተጫዋቾች በኑሯቸው ላይ የሚጨምሩት ነገር የላቸውም፤ ግጥሚያቸው ግን በዓለም ዙሪያ ለውርርድ ይቀርባል። ተጫዋቹ በሜዳ ከሚያገኘው ይልቅ በሽንፈቱ የሚያገኘው ሲበልጥ፣ ዳኛም አሠልጣኝም በአጠገቡ በሌለበት ከመኝታ ቤቱ ሲጫወት፣ ሥርዓቱ ራሱ ይፈትነዋል።

ምን ይታያል፣ ምን አይታይም

መርማሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት አጨዋወቱን ሳይሆን ገንዘቡን ነው። ምንም የሰው ለውጥ፣ ምንም ወሬ ሳይሰማ ኦድ በድንገት መውረዱ፤ ማንም በማያውቀው ግጥሚያ ላይ አዳዲስ አካውንቶች በጣሪያው ልክ ማስያዛቸው፤ አንድ ሰው በጠቅላላው አሸናፊ ላይ ሳይሆን «የሁለተኛውን ማፕ የመጀመሪያ ዙር ማን ያሸንፋል» በሚል ጠባብ ጥያቄ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰሱ። ይህ የመጨረሻው በተለይ አሳሳቢ ነው። አንድን ዙር ለመጣል ጨዋታውን መሸነፍ አያስፈልግም፤ ቡድኑ አንዱን ዙር ሸጦ ግጥሚያውን አሸንፎ ሊወጣ ይችላል፣ ተመልካችም አንዳች አይጠረጥርም።

እነዚህ ምልክቶች ግን ማስረጃ አይደሉም። ኦድ የወረደው ድርጅቱ ከመጀመሪያው ስለተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ መረጃው ትንሽ በሆነበት ቦታ ስህተት የዘወትር ነገር ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ችግሮች ይገናኛሉ። ኦዱ በጥሩ መረጃ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ያለምክንያት መንቀሳቀሱ ወዲያው ጥርጣሬ ያስነሳ ነበር። ኦዱ ራሱ ግምት ሲሆን ግን የተሸጠ ግጥሚያ ከተሳሳተ ግምት ጋር ይመሳሰላል፤ ሻጩም በዚያ ጭጋግ ውስጥ ይሰወራል። ከጨዋታው ቪዲዮ ደግሞ ሆን ተብሎ የተሳተን ጥይት በእውነት ከተሳተው መለየት አይቻልም። የታወቁት ጉዳዮች የታወቁት በአብዛኛው በመልእክት፣ በገንዘብ ዝውውር ወይም በተናዘዘ ሰው ነው።

ሒሳቡን የሚከፍለው

ግጥሚያ ሲሸጥ ማን እንደሚጎዳ በግልጽ እንናገር። ድርጅቱ በሰፋ ድርሻና በጣሪያ ራሱን ጠብቋል፤ ጥርጣሬ ሲገባው ውርርዱን መሰረዝም ይችላል። ሻጩና ገዢው ትርፋቸውን ይዘዋል። ቀሪው በቡድኑ ጥንካሬ ተማምኖ፣ ደሞዙን ወይም የኪስ ገንዘቡን ያስያዘው ሰው ነው። በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም፣ በዱባይም በእጁ ስልክ ላይ ከእግር ኳሱ ዝርዝር ሥር እነዚህን ግጥሚያዎች የሚያገኛቸው ብዙ ወጣት አለ። 1.63 የሚለው ቁጥር ሁለት ነጥብ ድረስ ተለክቶ ሲቀርብለት የታወቀ ነገር ይመስለዋል። ከጀርባው ያለው ግን 10 ግጥሚያ፣ አንድ ቅድመ ግምት፣ አንድ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ቁጥርና በጥቂት ሰዎች ገንዘብ የሚዋዥቅ ገበያ ነው።

ስለዚህ ኢስፖርትን ለሚወድ ሰው የምለው አለ። ጨዋታውን ተመልከቱ፤ ችሎታው እውነተኛ ነው፣ ደስታውም እውነተኛ ነው። ገንዘብ ልታስይዙ ስትሉ ግን ሁለቱን ኦዶች በስልካችሁ ካልኩሌተር 1 እያካፈላችሁ ደምሩ፤ ከ100 የበለጠው ለማታውቁት ነገር የምትከፍሉት ዋጋ ነው። ቡድኖቹ በአሁኑ አሰላለፍ ስንት ጊዜ እንደተጫወቱ ጠይቁ። ግጥሚያው ለቡድኑ ትርጉም አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የእነዚህን መልስ ካላገኛችሁ፣ ከእናንተ በተቃራኒ ያስያዘው ሰው መልሱን ያውቅ ይሆናል። ለአንድ ልጅ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ከሆናችሁ ደግሞ ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት ይህን ስሌት አብራችሁ ሥሩ፤ 108 በመቶ የሚወጣውን ድምር በገዛ እጁ ያገኘ ልጅ ከማንኛውም ምክር በላይ ተምሯል።